የአካል ጉዳትን ወይም የጤና ችግርን ሲቪ ላይ መጻፍ፦ መቼ ይጻፋል፣ እንዴት ይጻፋል

ድሬ ላይ ጽህፈት ቤት ገብታችሁ ሲቪ ካሰራችሁ ብዙ ጊዜ የሚሰጧችሁ ያው የቆየው ፎርማት ነው፣ ስም፣ ፆታ፣ የትዳር ሁኔታ፣ ከዛ ደግሞ "የጤና ሁኔታ፦ በጣም ጥሩ" የምትል መስመር አለች። መጀመሪያ እሷን መስመር አስጠፏት። ጤነኛ ለሆነ ሰው ምንም አትጨምርም፣ ችግር ላለበት ሰው ደግሞ ውሸት ናት፣ ምክንያቱም ሲቪው መጨረሻ ላይ "ከላይ የሰጠሁት መረጃ ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ" ብላችሁ ትፈርማላችሁ፣ ያ ፊርማ በኋላ ሊጠየቅ ይችላል። መስመሯ ከሌለች ግን አልዋሻችሁም፣ አልተናገራችሁምም።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የሳቢያን ልጅ ናት፣ አካውንቲንግ ተምራለች፣ ፒችትሪ ጥሩ አድርጋ ትሰራለች፣ ግራ ጆሮዋ አይሰማም፣ ቀኙ ላይ ማዳመጫ አላት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ላለ አንድ የግል ድርጅት ጁኒየር አካውንታንት ልታመለክት ነው።

ማስታወቂያውን ይዛ አንድ በአንድ ትየው፣ የትኛው ሥራ ነው ጆሮ የሚፈልገው? ቫውቸር ማዘጋጀት፣ ፔሮል መሥራት፣ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ፣ አንዱም አይነካትም። ስልክ ማንሳት ካለ እሱ ብቻ ትንሽ ይነካል። ስለዚህ ሲቪው ላይ ስለ ጆሮዋ አትጽፍም፣ ያ መደበቅ አይደለም፣ ሲቪ ሥራውን መሥራት እንደምትችል የሚያሳይ ወረቀት እንጂ የሕክምና ካርድ አይደለም። ሁኔታው የሰው ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ለምሳሌ የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተቆጣጠረለት ሰው ለሹፌርነት ማመልከት የለበትም፣ እዛ ላይ ጥያቄው የሲቪ አይደለም።

የእሷ ትልቁ ችግር ግን ብዙ ሰው የማያስበው ቦታ ነው ያለው። እኛ አገር ለኢንተርቪው የሚጠሩት በስልክ ነው፣ መጋላ መሃል ባጃጅ እየጮኸ ከማያውቁት ቁጥር ይደወላል፣ "ነገ ጠዋት ሶስት ሰዓት" ይባላል፣ እሷ ደግሞ "አምስት" ብላ ሰምታ ትቀራለች። መፍትሄው ስልክ ቁጥሩ ሥር የምትገባ አንድ መስመር ናት፦ "እባክዎ በቴክስት ወይም በቴሌግራም ያግኙኝ"። ምክንያት አይጻፍም፣ ማንም አይጠይቅም።

ማስታወቂያው "አካል ጉዳተኞች ይበረታታሉ" ካለ፣ በተለይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ ሂሳቡ ይቀየራል፣ እዛ መጻፍ ነው የሚያዋጣው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛ አመልካች እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ ይሰጠው ይላል፣ ካልጻፋችሁ ግን ቅድሚያውን ማን ያውቅላችኋል? አጻጻፉ ላይ የበሽታውን ስምና የሕክምናውን ታሪክ ተዉት፣ ሁለት ነገር ብቻ ይበቃል፣ ያላችሁበት ሁኔታ እና ሥራውን እንዴት እንደምትሠሩት። እንዲህ፦ "የመስማት ጉዳት አለብኝ፣ ማዳመጫ እጠቀማለሁ፣ የሂሳብ ሥራውን ሙሉ በሙሉ እሠራለሁ፣ የቃል መመሪያ በጽሑፍ ቢደገፍልኝ ይመቸኛል።" ከልምድና ከትምህርት በታች ይቀመጥ እንጂ አናት ላይ አይውጣ። የማረጋገጫ ወረቀት ካላችሁ ኮፒው አብሮ ይያያዝ። እንግዲህ ሁለት ሲቪ ይኖራችኋል ማለት ነው፣ ፍላሽ ላይ ለየብቻ አስቀምጧቸው፣ ጽህፈት ቤት ፕሪንት ስታስደርጉ አንዱ ባንዱ እንዳይቀየር።

ለኢንተርቪው ከተጠሩ በኋላ መናገር ደግሞ ሦስተኛው መንገድ ነው፣ እኔ ለሷ ይሄን ነው የምመርጥላት፣ ምክንያቱም ያኔ በችሎታዋ ተመርጣለች። ከኢንተርቪው በፊት እንዲህ ብላ ትጻፍ፦ "ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ፣ የመስማት ጉዳት ስላለብኝ ፊት ለፊት ብንቀመጥና ፀጥ ያለ ክፍል ቢሆን ጥሩ ነው።" ድሬ ሙቀቱ ስለሚከብድ ቬንትሌተር የሌለበት ቢሮ አይገኝም፣ ማዳመጫ ደግሞ የቬንትሌተሩን ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር አብሮ ነው የሚያጎላው፣ ስለዚህ አጠገባቸው ያለውን ለጥቂት ደቂቃ እንዲያጠፉላት ትጠይቅ።

በሕመም ምክንያት ሥራ ያቆማችሁበት ጊዜ ካለ ባዶ አትተዉት፣ "በጤና ምክንያት እረፍት ላይ ነበርኩ፣ አሁን ለሥራ ዝግጁ ነኝ" በቂ ነው። ኤችአይቪም ሆነ የአእምሮ ጤና ሕክምና ሲቪ ላይ ምንም ቦታ የላቸውም፣ አይጻፉ።

የተላላካችሁትን ቴክስት ግን አታጥፉት፣ ማስታወቂያውንም ፎቶ አንስታችሁ ያዙት። "መጥተሽ ተፈተኚ" ብለው ስለ ጆሮዋ ከጻፈችላቸው በኋላ "ቦታው ተይዟል" ቢሏትና ማስታወቂያው እዛው ተለጥፎ ብታየው፣ በዛው አዋጅ መሠረት በጉዳቷ ምክንያት እንደተገለለች የሚያመለክት ነገር ካቀረበች በዛ ምክንያት አለመሆኑን ማስረዳት ያለበት ቀጣሪው ነው።