በየሌሊቱ የሚመለስ ቃር፦ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶችና ቸል ሊባሉ የማይገባቸው ምልክቶች

በመድኃኒት ቤት ሥራዬ ኦሜፕራዞልን ያህል ሰው በስሙ የሚጠራው ክኒን ብዙም አላየሁም። ማዘዣ ሳይዝ የሚመጣ ደንበኛ መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ማታ ማታ እዚህ ጋ ያቃጥለኛል፤ ያችን የጨጓራዋን ስጠኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው፤ ቃር ነው። የሚያሳስበኝ ግን በየወሩ እየመጣ ያንኑ የሚገዛና በመካከሉ ምን እንደተለወጠ ማንም ያልጠየቀው ሰው ነው።

ሌሊቱ ለምን እንደሚከፋ ካወቅን ቀሪውን መረዳት ይቀላል። የምግብ ቧንቧ ከጨጓራ ጋር በሚገናኝበት ቦታ የጡንቻ ቀለበት አለ። ሥራው ምግቡን ወደ ታች አሳልፎ መዘጋት ነው። ይህ ቀለበት ሲላላ አሲድ ወደ ላይ ይወጣል። ቀን ላይ ቆመን ወይም ተቀምጠን ስለምንውል አሲዱ ቶሎ ይወርዳል፤ የምንውጠው ምራቅም የቀረውን ያጥበዋል። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ይቀንሳል፣ መዋጥም ይቆማል ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ሌሊት የወጣ አሲድ ቧንቧው ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የሌሊት ቃር ከቀኑ ይልቅ ቧንቧውን የሚያቆስለውም ለዚህ ነው።

ትራስ መደራረብ

ትራስ ሲደራረብ ከፍ የሚለው አንገት ብቻ ነው። ሆድ ይታጠፋል፣ ይጨመቃል፣ አሲዱም ይብስበታል። ከፍ ማለት ያለበት ከወገብ በላይ ያለው አካል በሙሉ ነው። የአልጋውን የራስጌ እግሮች በጡብ ወይም በጠንካራ እንጨት ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር ማንሳት ከየትኛውም ትራስ ይሻላል። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል። በዚያ አተኛኘት ጨጓራው ከቧንቧው ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ የወጣው አሲድ በቀላሉ ይመለሳል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ግን የራት ሰዓት ነው። በራትና በመኝታ መካከል ሦስት ሰዓት ያህል ልዩነት ያስፈልጋል። ቀኑን ሙሉ ጾሞ ማታ ጠግቦ በልቶ ወዲያው የሚተኛ፣ ወይም በረመዳን ሱሁር በልቶ ወደ አልጋው የሚመለስ ሰው ክኒኑን ሳይለውጥ ሰዓቱን ቢለውጥ ልዩነቱን ያየዋል። በርበሬው ብቻ እየተወቀሰ ሰዓቱ መረሳቱ ሁልጊዜ ያስገርመኛል።

ኦሜፕራዞልን ሲያቃጥል ብቻ መዋጥ

ኦሜፕራዞል የተነሳ ቃጠሎን በደቂቃዎች ውስጥ የሚያበርድ መድኃኒት አይደለም። ለዚያ የሚሆነው የሚታኘከው ወይም ፈሳሹ አንታሲድ ነው። ኦሜፕራዞል አሲድ የሚያመነጩትን ሕዋሶች የሚዘጋው ሕዋሶቹ ለምግብ ሲነሱ ነው። ስለዚህ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ባዶ ሆድ ላይ ይወሰዳል። ራት በልቶ ሊተኛ ሲል የሚውጠው ሰው ጥቅሙ ይቀንስበታል። ችግሩ በሌሊት ብቻ ከሆነ ሐኪሙ ከራት በፊት እንዲወሰድ ሊያደርግ ይችላል። የተለመደው መጠን በቀን አንድ ጊዜ 20 ሚሊ ግራም ሲሆን ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት በየቀኑ ይወሰዳል።

ለወራት ሲወስዱ ቆይተው በአንድ ቀን ካቆሙት ደግሞ ጨጓራው ለጥቂት ሳምንታት ከበፊቱ የበለጠ አሲድ ሊያመነጭ ይችላል። ብዙ ሰው ይህን «ሕመሜ ተመለሰ» ብሎ ይተረጉመውና ዳግም ይጀምራል። ቀስ በቀስ፣ ለምሳሌ አንድ ቀን እያለፉ፣ መቀነስ ይሻላል።

ቃር በመጣ ቁጥር «ባክቴሪያውን» ማከም

ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ የጨጓራና የአንጀት ቁስለት ያመጣል፤ ከተገኘም መታከም አለበት። ነገር ግን ሕክምናው የላላውን የጡንቻ ቀለበት አያጠብቅም፤ ስለዚህ ባክቴሪያው ጠፍቶም ቃሩ ሊቀጥል ይችላል። በደም የሚደረገው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለወራት ወይም ለዓመታት «አለ» እያለ ሊያሳይ ይችላል። በዚህ ውጤት ብቻ ተመሳሳይ ፀረ ተህዋሲያን ደጋግመው የዋጡ ሰዎች ብዙ ናቸው። መጥፋቱን ለማረጋገጥ የሚሻለው የሰገራ ምርመራ ነው። እሱም የሚያስተማምነው ፀረ ተህዋሲያኑ ካለቀ ቢያንስ አራት ሳምንት ሲሆነውና ኦሜፕራዞል ለሁለት ሳምንት ሲቋረጥ ነው።

«መድኃኒቱ አሽሎኛል፤ ስለዚህ አሲድ ብቻ ነው» ማለት

ከስህተቶቹ ሁሉ አደገኛው ይህ ይመስለኛል። ኦሜፕራዞል አሲድን ይቀንሳል፤ አሲድ ሲቀንስ ደግሞ አሲድ የነካው ቁስል ሁሉ ሕመሙ ይቀላል። ተራ ቁስለትም ይቀላል፣ የካንሰር ቁስልም ለጊዜው ሊቀል ይችላል። መሻል ቃጠሎው ከአሲድ ጋር መያያዙን እንጂ ከአሲዱ ሥር ሌላ ነገር አለመኖሩን አይናገርም። ስለዚህ የሚጠየቀው «ይሻልሃል?» ብቻ ሳይሆን «ከቃሩ ጋር ምን አዲስ ነገር መጣ?» ተብሎ ነው።

መዋጥ ሲያስቸግር ምግቡን መለወጥ

ይህን በምሳሌ ላሳይ። አሰላ አካባቢ የሚኖር የ58 ዓመት ነጋዴ እንበል። ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ቃር ነበረው፤ ኦሜፕራዞል እየገዛ ይውጣል። በቅርብ ወራት ግን ደረቅ ዳቦና ሥጋ ደረቱ መካከል የሚይዘው ስለመሰለው ውኃ እያስከተለ መዋጥ ጀምሯል። ቀጥሎ ሥጋውን ተወ። ከዚያም እንጀራውን በወጥ አርሶ ካላለሰለሰ አይወርድለትም። አሁን ሾርባና አጥሚት ይቀለዋል። ቤተሰቡ «ዕድሜ ነው፣ ጥርሱም ደክሟል» ይላል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ በስቷል። ቃሩ ግን እንዲያውም ቀንሷል፤ በዚህም ደስ ብሎታል።

ከዚህ ታሪክ ሐኪምን የሚያስደነግጠው ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ደረቅ ምግብ፣ ቀጥሎ ለስላሳ፣ በመጨረሻ ፈሳሽ እየያዘ የሚሄድ ከሆነ የቧንቧው መንገድ እየጠበበ ነው ማለት ነው። ያጠበበው ለዓመታት የተጠራቀመ የአሲድ ጠባሳ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በመሣሪያ ይሰፋል። የምግብ ቧንቧ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር በተለይ በአርሲና በባሌ ይህ ካንሰር በብዛት ስለሚታይ የነጋዴው መኖሪያም ግምት ውስጥ ይገባል። ሁለቱን የሚለየው ኢንዶስኮፒ ነው። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ በኩል ይገባል፣ የጠበበው ቦታ ይታያል፣ ከላዩም ትንሽ ናሙና ተቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ናሙና ሳይወሰድ በዓይን ብቻ መደምደም አይቻልም።

ክብደቱም ለብቻው ምልክት ነው። ሳይፈልጉ በስድስት ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከክብደት አምስት በመቶ ያህል መቀነስ፣ ማለትም ለ70 ኪሎ ሰው ሦስት ኪሎ ተኩል፣ ምርመራ ይፈልጋል። በዚህ ሁኔታ ሌላ የኦሜፕራዞል ዙር መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

የመዋጥ ችግር ሁሉ ግን እንደዚህ አይደለም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ውኃም ምግብም እኩል የሚይዘው፣ ሌሊትም ያልተፈጨና የማይጎመዝዝ ምግብ ወደ አፉ የሚመለስ ሰው ችግሩ አሲዱ ሳይሆን ቧንቧውና ቀለበቱ በአግባቡ አለመሥራታቸው ሊሆን ይችላል። እሱንም የሚያየው ሐኪም ነው። በሌላ በኩል ትናንት ጤነኛ የነበረ ሰው ዛሬ ምራቁን እንኳ ሲውጥ ካመመው፣ ማታ በጥቂት ውኃ ውጦት የተኛውን ክኒን አስቡ። ዶክሲሳይክሊን በዚህ የታወቀ ነው፤ ቧንቧው ላይ ተጣብቆ ያቆስላል። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ወስዶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ መቆየት ይከላከለዋል።

ጥቁር ሰገራን «የበላሁት ነው» ማለት

ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚወስዱ ሰዎች ቃራቸውን በሌላ ክኒን እያስታገሡ ሁለቱንም አብረው ይቀጥላሉ። እነዚህ ማስታገሻዎች የጨጓራውን ግድግዳ ያቆስላሉ፣ ያደማሉም። ከላይ የደማ ደም በአንጀት አልፎ ሲወጣ እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ የሚያጣብቅና ለየት ያለ ክርፋት ያለው ሰገራ ይሆናል። የብረት እንክብል የሚወስድ ሰውም ሰገራው ይጠቁራል፤ ሆኖም እንደ ሬንጅ አይጣበቅም፣ ያ ክርፋትም የለውም። ጥርጣሬ ካለ መመርመር ነው። ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ማስመለስ፣ ሲነሱ ራስ መዞር፣ ፊትና ዓይን መገርጣት ከታየ ግን እስከ ነገ የሚጠበቅ አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

የደረት ሕመምን ሁሉ ቃር ማድረግ

ቃር ብዙውን ጊዜ ከምግብ በኋላ፣ ሲያጎነብሱ ወይም ሲተኙ ይነሳል፤ ሲጎመዝዝም ወደ ጉሮሮ ይወጣል። የልብ ሕመም ደግሞ ዳገት ሲወጡ ወይም ሸክም ሲያነሱ ይመጣል፣ ሲያርፉም ቀለል ይላል። ከማቃጠል ይልቅ ይጫናል፣ ያጨናንቃል፤ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ ሊሄድ ይችላል። ይህ ልዩነት ጥሩ መነሻ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። በስኳር ሕመምተኞችና በሴቶች ላይ የልብ ሕመም ማቅለሽለሽ፣ ድካምና የላይኛው ሆድ ምቾት ማጣት ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። አንታሲድ ከወሰዱ በኋላ ቀለል ማለቱም ልብ አይደለም ብሎ ለመደምደም አይበቃም።

ሕመሙ ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካስከተለ ወይም ትንፋሽ ካሳጠረ የሚበጀው ሆስፒታል ነው። እዚያ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል። ውጤቱ ጤነኛ ከሆነና ሕመሙ ከቀጠለ ምርመራው ሊደገም ይገባል፤ የመጀመሪያው ብቻውን ሁልጊዜ ችግሩን አያሳይምና።