«ቃሉን እኮ ቀይሬዋለሁ»፦ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ግንቦትና ሰኔ ላይ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ፕሪንት ቤቶቹ በተመራቂ ተማሪ ይሞላሉ። አንዱ ያስጠርዛል፣ ሌላው ፍላሽ ይዞ ወረፋ ይጠብቃል። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት አማካሪዎች ረቂቅ ሲመልሱ ደጋግመው የሚሰሙት መልስ አለ፦ «መምህር፣ ኮፒ አላደረግኩም፤ ቃሉን እኮ ቀይሬዋለሁ።»

ይህን የሚል ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ አይዋሽም። ፕላጃሪዝም ማለት የሰው ዓረፍተ ነገር እንዳለ መገልበጥ ነው ብሎ ያምናል። እሱ ደግሞ አልገለበጠም። ችግሩ ያለው እምነቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለምርምር ሥራ ያወጣው ደንብ ፕላጃሪዝምን ሲተረጉም የሌላውን ሰው ሐሳብ፣ የአሠራር ሂደት፣ ውጤት ወይም ቃል ተገቢውን እውቅና ሳይሰጡ መውሰድ ነው ይላል። ቃል የተጠቀሰው ከአራቱ መጨረሻ ላይ ነው።

ስህተት አንድ፦ ቃሉን ለውጦ አጥንቱን መተው

ነገሩ በምሳሌ ይታይ። የሚከተለው አንቀጽ ለዚህ ጽሑፍ ስል እኔው ያዘጋጀሁት ነው። የጥናት ውጤት አድርጋችሁ አትውሰዱት። ጸሐፊውን «ሀ»፣ ዓመቱን 2010 እንበለው።

«ከደሴ እየተመላለሱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ወጣቶች ሥራቸውን የሚለቁት ደሞዙ ዝቅተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ከደሞዛቸው ላይ የትራንስፖርት ወጪ ሲቀነስ በእጃቸው የሚቀረው ገንዘብ ደሴ ውስጥ በቀን ሥራ ከሚያገኙት ያንሳል። ስለዚህ ድርጅቶች ሠራተኛ እንዲቆይላቸው ከፈለጉ ደሞዝ ከመጨመር ይልቅ ሰርቪስ ቢያቀርቡ ይሻላቸዋል።»

አሁን «ፓራፍሬዝ አድርጌዋለሁ» የሚለው ተማሪ የጻፈውን እንይ።

«ከደሴ እየሄዱ በኮምቦልቻ ፋብሪካዎች የተቀጠሩ ወጣቶች ሥራ የሚያቋርጡት ክፍያው አነስተኛ በመሆኑ ብቻ አይደለም። ከክፍያቸው ላይ የመጓጓዣ ወጪ ሲነሳ የሚተርፋቸው ብር በከተማው በቀን ሠራተኝነት ከሚያገኙት በታች ነው። ስለሆነም ተቋማት ሠራተኛ እንዲቆይላቸው ከፈለጉ ክፍያ ከማሳደግ ይልቅ የሠራተኛ ማመላለሻ ቢያዘጋጁ ይመረጣል።»

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጓቸው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ነበር፣ አሁንም ሦስት ነው። የመጀመሪያው «ብቻ አይደለም» ብሎ ያልቃል፣ ያኛውም እንደዚያው። ሁለተኛው ወጪውን ቀንሶ ያወዳድራል፣ ሦስተኛው «ከዚህ ይልቅ ያ ይሻላል» ይላል። «ሠራተኛ እንዲቆይላቸው ከፈለጉ» የሚለው ሐረግማ ፊደሉም አልተነካ። የተማሪው ድርሻ ተመሳሳይ ቃል እየፈለጉ መተካት ብቻ ነው። ሬቤካ ሙር ሃዋርድ የተባሉ አሜሪካዊት የጽሑፍ መምህርት በ1990ዎቹ መጀመሪያ «ፓችራይቲንግ» ያሉት እንዲህ ያለውን አጻጻፍ ነው። እሳቸው እንደሚሉት ይህ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለማጭበርበር ከማሰብ ሳይሆን ምንጩን በደንብ ካለመረዳት ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ቢሆንም ረቂቁ እንደዚያው ታትሞ ከገባ አንባቢ የሚያየው ወረቀቱን ነው፣ የልብን አያይም።

ሌላም ጉዳት አለው። «ደሞዝ» ወደ «ክፍያ» ሲለወጥ ምን እንደሆነ ልብ በሉ። ክፍያ ሲባል የትርፍ ሰዓትና የትራንስፖርት አበል ሊጨመርበት ይችላል። የ«ሀ» ክርክር ግን የተመሠረተው ከደሞዙ የትራንስፖርት ወጪ ሲቀነስ የሚቀረው ከቀን ሥራ ገቢ ያንሳል በሚለው ላይ ነው። «ድርጅቶች» ደግሞ «ተቋማት» ሲሆኑ ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም ገባ። ተማሪው የሰው ሐሳብ ወስዷል፣ የወሰደውንም አበላሽቶታል። ፈተና ላይ «ይህ ለሆስፒታልም ይሠራል ወይ?» ብለው ቢጠይቁት መልስ የለውም።

ታዲያ ትክክለኛው እንዴት ይጻፋል? አንቀጹን እስኪገባችሁ አንብቡ። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጡት ወይም ፋይሉን ዝጉት። አብሯችሁ ለሚኖር ጓደኛ፣ ዘርፉን ለማያውቅ ሰው፣ በቃል ንገሩት። መናገር ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም፤ ተመልሳችሁ አንብቡ። መናገር ከቻላችሁ የተናገራችሁትን ጻፉ፣ የጸሐፊውን ስምና ዓመት እዚያው አኑሩ። ምንጩን የምትከፍቱት ከዚህ በኋላ ነው፤ እሱም ለማመሳከር። እንዲህ ሊወጣ ይችላል፦

«ሀ (2010) የሠራተኛ መልቀቅን ከመንገድ ወጪ ጋር ያያይዘዋል። በእሱ አስተያየት ከደሴ የሚመላለስ ሰው ሥራውን የሚመዝነው በሚፈርምበት ደሞዝ ሳይሆን ከታክሲ ተርፎ ኪሱ በሚገባው ነው፤ ለዚህም ሰርቪስን መፍትሔ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ይህ ማብራሪያ ኮምቦልቻ ቤት ተከራይተው የሚኖሩት ለምን እንደሚለቁ አይነግረንም።»

«ሰርቪስ»ና «ደሞዝ» አልተቀየሩም። መቀየርም አያስፈልጋቸውም፤ የነገሩ መጠሪያ ናቸው። የተቀየረው አካሄዱ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር የተማሪው የራሱ ነው፣ ያም በግልጽ ይታያል። የ«ሀ» ሐሳብ የት እንዳበቃ፣ የተማሪው የት እንደጀመረ አንባቢ አይጠፋውም።

ስህተት ሁለት፦ ሁሉንም ጽፎ መጨረሻ ላይ አንድ ቅንፍ መለጠፍ

«ስሙን ጠቅሻለሁ» ማለት ነገሩን ሁሉ አይዘጋውም። ያን መጥፎ ፓራፍሬዝ ወስዳችሁ መጨረሻው ላይ (ሀ፣ 2010) ብትጨምሩበት ሐሳቡ የማን እንደሆነ ተናግራችኋል። አጻጻፉ ግን አሁንም የናንተ መስሎ ነው የሚታየው፣ የትምህርተ ጥቅስ ምልክት የለውማ። አጻጻፉን ከወደዳችሁት እንዳለ በትምህርተ ጥቅስ አስገቡትና ገጹን ጻፉ። ካልሆነ በራሳችሁ አካሄድ ጻፉት። በመሀል ያለ መንገድ የለም።

ሰባትና ስምንት ዓረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ መጨረሻ ላይ አንድ ቅንፍ ብቻ ሲኖርም ሌላ ጥያቄ ይመጣል። የቱ ነው የእሱ? የመጨረሻው ብቻ ወይስ ሁሉም? «ሀ እንደሚለው»፣ «እሱው ቀጥሎ» እያሉ መሀል ላይ ማስታወስ ነው መፍትሔው። ቢደጋገም አያስነውርም።

ስህተት ሦስት፦ ሐሳብ ባለቤት የለውም ብሎ ማሰብ

ይህኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ምንም የሚመሳሰል ቃል ላይኖር ይችላል። አንድ ተማሪ የ«ሀ»ን አንቀጽ አነበበ እንበል። ከወር በኋላ ምዕራፍ አምስት ላይ «አጥኚው ለፋብሪካዎቹ የሚመክረው የሠራተኛ መኪና እንዲመድቡ ነው፤ የደሞዝ ማሻሻያው በሁለተኛ ደረጃ ይታይ» ብሎ ጻፈ። ከምንጩ ጋር የሚጋራው ሐረግ የለም። «ከደሞዝ ሰርቪስ ይቅደም» የሚለው ሐሳብ ግን የ«ሀ» ነው፣ ያም ያለ ስም ገብቷል። ስለዚህ ፕላጃሪዝም ነው።

ተማሪው ራሱ መጠይቅ በትኖ እዚያው ሐሳብ ላይ ቢደርስስ? ያኔ ግኝቱ የራሱ ነው። ሆኖም «ይህ ውጤት ከሀ (2010) ጋር ይስማማል» ማለት አለበት፣ ቀድሞ አንብቦታልና። ይህ ደግሞ ክብሩን አይቀንስበትም፤ ሁለት ሰው በተለያየ መንገድ አንድ ቦታ መድረሱ ግኝቱን ያጠነክረዋል።

ሐሳብ የሚባለው መደምደሚያው ብቻ አይደለም። አንድ ጸሐፊ ሥራ የሚለቁ ሰዎችን በሦስት ከፍሎ ካቀረበና እናንተ ያንኑ ክፍፍል ከወሰዳችሁ ክፍፍሉ የእሱ ነው። የመጠይቁ ጥያቄዎችም እንደዚያው። ቀደም ካለ ተመራቂ ፍላሽ ላይ የተገኘ መጠይቅ «ደሴ» የሚለው «ኮምቦልቻ» ተብሎ ተቀይሮ ሲገባ ይታያል። መጠይቅ ተውሶ መጠቀም በምርምር የተለመደ ነው፤ ግን ከየት እንደተወሰደና ምን እንደተቀየረ በምዕራፍ ሦስት ይጻፋል። የምንጮች አሰላለፍም አለ። የሌላውን ሊትሬቸር ሪቪው በቅደም ተከተሉ፣ እሱ የጠቀሳቸውን ሰዎች ብቻ እየጠቀሱ መከተል የእሱን ድካም መውሰድ ነው።

በወሬ የተገኘ ሐሳብስ? አማካሪ ቢሮ ውስጥ የሰጠው ሐሳብ፣ የፋብሪካ ሰው ሻይ ሲጠጣ የነገራችሁ ነገር ሁሉ ባለቤት አለው። እንዲህ ያለው በብዙ የአጠቃቀስ ሥርዓት ውስጥ እንደ ግል ግንኙነት በጽሑፉ ውስጥ ይጠቀሳል፣ ወይም በምስጋና ገጽ ላይ ይገባል። ሰውየውን አስፈቅዱት።

ድንበሩ የት ነው ትሉ ይሆናል። ኮምቦልቻ ከደሴ ቆላ ናት፣ ወይም ደሴ ወሎ ውስጥ ናት ለማለት ማንንም መጥቀስ አያስፈልግም። ይህን ማንም ያውቀዋል፣ የማንም ግኝት አይደለም። ለሌላው ግን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ጽሑፍ ባላነብ ኖሮ ይህ ነገር ይመጣልኝ ነበር? መልሱ «አይመስለኝም» ከሆነ ጥቀሱ። ስትጠራጠሩም ጥቀሱ።

ስህተት አራት፦ ያላነበቡትን መጥቀስ

«ሀ» ሌላ ጸሐፊን፣ «ለ»ን፣ ጠቅሷል። ተማሪው «ለ»ን ሳያየው በቀጥታ (ለ፣ 1998) ብሎ ይጽፋል። ያነበበው «ሀ»ን ነውና «ለ (1998) በሀ (2010) እንደተጠቀሰው» ማለት አለበት። «ሀ» አሳስቶ ጠቅሶት ከሆነ ስህተቱ የማን እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ሲጻፍ ነው።

ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መልሶ ያለ ስም ማስገባትም ያው ነው። ቋንቋው ስለተለወጠ ባለቤቱ አይለወጥም።

ስህተት አምስት፦ ፐርሰንቱን ማመን

«ሶፍትዌሩ ትንሽ ነው ያሳየኝ» የሚል ማስተባበያ በዝቷል። ተርኒቲንን የመሰሉ መሣሪያዎች የሚለኩት የቃል መመሳሰልን ነው። በትምህርተ ጥቅስ የገባ፣ በትክክል የተጠቀሰ ጽሑፍም ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ የሪፈረንስ ዝርዝሩም እንደዚሁ። በአንጻሩ ያ ምዕራፍ አምስት ላይ የገባው የሰርቪስ ሐሳብ ምንም ቀለም ሳይቀባ ሊያልፍ ይችላል። መሣሪያው ያላያቸው ያልታተሙ የመመረቂያ ጽሑፎችም ብዙ ናቸው፤ በተለይ በአማርኛ የተጻፉት። አማካሪው ግን ያን ያለፈ ዓመት ጽሑፍ ራሱ አርሞት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ረቂቃችሁን ከማስጠረዛችሁ በፊት የምትፈትሹት ቁጥሩን አይሁን። ምዕራፍ ሁለትን ክፈቱና ስም የሌለበትን እያንዳንዱን አንቀጽ አስምሩበት። ከያንዳንዱ ጎን «የኔ»፣ «የታወቀ ነገር» ወይም «ያነበብኩት» ብላችሁ በእርሳስ ጻፉ። ሦስተኛው የተጻፈበት አንቀጽ ላይ ምንጩን ፈልጋችሁ አውጡ። ምንጩ ከጠፋባችሁና ከየት እንዳመጣችሁት ማስታወስ ካቃታችሁ አንቀጹን አውጡት። ከዚያ ምዕራፍ አምስትን እንደዚሁ አድርጉ።