«ማናጀር» ወይስ «ኦፊሰር»? የሥራ መጠሪያ ስናወዳድር የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ካለ ካፌ ደውላ ጠራችኝ። ስደርስ ማኪያቶዋ ቀዝቅዟል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የቅጥር ደብዳቤ ዘርግታለች። አሁን የምትሠራው አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው፤ መጠሪያዋ «ሲኒየር አካውንታንት»። አንደኛው ደብዳቤ «ፋይናንስ ማናጀር» ይላታል። የመጣው እዚያው ሜክሲኮ ካለ የንግድ ድርጅት ነው። ሌላው «ፋይናንስ ኦፊሰር» ይላታል። እሱ ደግሞ ካዛንቺስ አካባቢ ካለ የእርዳታ ድርጅት ነው። ደመወዙ ተቀራራቢ ነው፤ ማናጀሩ 30,000፣ ኦፊሰሩ 28,000 ብር።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ማሰብም አያስፈልገውም» አለችኝ። «ማናጀር መሆን እያለ ኦፊሰር ማን ይሆናል?»

እኔም በጊዜዬ ተሸውጃለሁ። አንድ ቦታ «የሂሳብ ክፍል ኃላፊ» ተብዬ ተቀጥሬ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው እኔና አንድ የፋይል መደርደሪያ ነበርን። ስለዚህ ማስታወሻ ደብተር አስወጣኋትና ቁጭ ብለን አየነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዚያ ቀን ያነሳናቸውን ስህተቶች ነው።

መጠሪያውን እንደ ማዕረግ መቁጠር

ወታደር ቤት ሻምበል የትም ክፍል ቢዛወር ከሻለቃ በታች ነው። የመሥሪያ ቤት መጠሪያ ግን እንዲህ አይደለም። ትርጉም የሚኖረው በዚያው ቤት መዋቅር ውስጥ ብቻ ነው። ባንክ ቤት «ኦፊሰር» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከጀማሪው ትንሽ ከፍ ያለ ሠራተኛ ነው። የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ግን ያው «ኦፊሰር» የአንድን ፕሮጀክት ገንዘብ ከበጀት እስከ ኦዲት ሊይዝ ይችላል። ትንሽ የግል ድርጅት ውስጥ ደግሞ ያለው አንድ ሂሳብ ሠራተኛ ይሆንና እሱው «ማናጀር» ይባላል። ባንክና ገቢዎች ሲሄድ ካርዱ ላይ ከበድ ያለ ስም እንዲኖር ይፈለጋል። ባለቤቱም ቢሆን ስም መጨመር ወጪ እንደማያስወጣው ያውቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የጠየቅኋት ከላይሽ ማን አለ፣ ከታችሽስ ስንት ሰው አለ የሚለውን ነው። ማናጀሩ ጋ ከላይ ባለቤቱ፣ ከታች አንዲት ካሸር። ኦፊሰሩ ጋ ከላይ የፋይናንስ ኃላፊ አለ። ከታች ደግሞ በሦስት የመስክ ቢሮዎች ያሉ ሦስት የሂሳብ ሠራተኞች አሉ፤ ሪፖርታቸው የሚመጣው ወደ እሷ ነው።

የሥራ ዝርዝሩን በመስመር ብዛት መለካት

«ማናጀሩ ግን 14 ተግባር አለው፤ ኦፊሰሩ 8 ብቻ ነው» አለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የሥራ ዝርዝር ሲነበብ መታየት ያለበት የመስመሩ ብዛት ሳይሆን መጨረሻው ላይ ያለው ግስ ነው። በእኛ ሙያ ሦስት ግሶች አሉ፦ ያዘጋጃል፣ ይመረምራል፣ ያጸድቃል። የባንክ ማስታረቂያ የሚያዘጋጅ፣ የተዘጋጀውን የሚመረምርና ተመርምሮ የመጣውን የሚያጸድቅ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ቢያንስ መሆን አለባቸው። «ያስተባብራል» እና «ይከታተላል» የሚሉት ላይ ግን ተጠንቀቁ። ማንኛውንም ነገር ማለት ሊሆኑ ይችላሉ።

ደብተሩን ለሦስት ከፈልነው። በየግሱ ሥር ሥራዎቹን ጻፍን፤ በየሥራው አጠገብ ደግሞ በወር ስንት ቀን እንደሚወስድ ገመትን።

አሁን ያለችበት ቦታ ላይ ወርሃዊ ሂሳቡን በፒችትሪ ትዘጋለች። የ85 ሠራተኞችን ደመወዝ ታዘጋጃለች። የገቢ ዕቃውን ዋጋ ከጉምሩክና ከትራንስፖርት ወጪው ጋር ደምራ ታሰላለች። የሁለት ጀማሪዎችን ሥራም ታያለች። ከ24 የሥራ ቀን 17ቱ «ያዘጋጃል»፣ 7ቱ «ይመረምራል» ሆነ። የምታጸድቀው ነገር የለም።

ወደ «ማናጀሩ» ስንሄድ 14ቱ መስመሮች ሲፈቱ እነዚህ ሆኑ፦ ደረሰኝ መመዝገብ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስና የጡረታ መዋጮ በየወሩ ማሳወቅ፣ የ18 ሰው ደመወዝ መሥራት፣ ባንክ መመላለስ፣ የካሸሯን ቆጠራ ማየት። ቼክ ላይ የሚፈርመው ባለቤቱ ብቻውን ነው። በጀት የሚባል ነገር የለም። 22 ቀን «ያዘጋጃል»፣ 2 ቀን «ይመረምራል»። ማጽደቅ ዜሮ።

«ኦፊሰሩ» ጋ ደግሞ ሦስቱ ቢሮዎች የሚልኩትን ወጪ ከሰነዱ ጋር ታመሳክራለች። ጉድለት ካለ ትመልሳለች። ለለጋሹ የበጀትና የወጪ ንጽጽር ሪፖርት ትሠራለች። የውጭ ኦዲተር ሲመጣ ፊት ለፊት የምትቀመጠው እሷ ነች። እስከተወሰነ መጠን ድረስ ቼክ ላይ ሁለተኛ ፈራሚ ነች። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ደግሞ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ መብለጥ አይችልም። ስለዚህ አንድ ወጪ የፕሮግራም ነው ወይስ የአስተዳደር ብሎ መመደብ ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። 9 ቀን «ያዘጋጃል»፣ 12 ቀን «ይመረምራል»፣ 3 ቀን «ያጸድቃል»።

ዝም አለች። ከዚያ «እንዴ፣ ማናጀሩ እኮ አሁን ካለሁበት ወደ ኋላ ነው» አለች።

በእርግጥ ይህ ግምት ነው። የወረቀቱ ዝርዝርና የቢሮው እውነታ ይለያያሉ። ስለዚህ ሰኞ ሁለቱም ጋ ደውላ አንድ ጥያቄ እንድትጠይቅ ነገርኳት፦ «ያለፈው ወር ሂሳብ ሲዘጋ ማን ምን ሠራ?» ይህ ጥያቄ ጥሩነቱ ሰው በጠቅላላ ቃላት ሊመልሰው አለመቻሉ ነው። የንግድ ድርጅቱ «የውጭ አካውንታንት አምጥተን ነው የዘጋነው» አላት። አንድም ሰው ጎድሏል፣ አንድም ሂሳቡ ቤቱ ውስጥ አይዘጋም ማለት ነው። የእርዳታ ድርጅቱ ከየቢሮው ሪፖርቱ በስንት ቀን እንደሚገባ፣ የትኛው ቢሮ እንደሚያዘገይ ሳይቀር ነገራት።

«ማናጀር» ሲባሉ የሠራተኛ ሕጉ አይመለከተኝም ብሎ መቀበል

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘብ የሚያጣው በዚህ ነው።

የማናጀሩ ደብዳቤ ታች ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ የሥራ መሪ ስለሆኑ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይመለከትዎትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በእርግጥ የሥራ መሪን አይሸፍንም። ነገር ግን አዋጁ የሥራ መሪን ሲተረጉም የሚያወራው ስለ ሥልጣን ነው። የአመራር ፖሊሲ ያወጣል፣ ያስፈጽማል ወይ? ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን ተሰጥቶታል ወይ? ካርዱ ላይ የተጻፈው ስም መልስ አይሆንም። እሷ ካሸሯን እንኳ መቅጠርም ማሰናበትም አትችልም። እንዲህ ያለውን ሰው የሥራ መሪ ማለት ይከብዳል፤ ክርክር ቢነሳም የሚታየው የተሰጣት ሥልጣን ነው።

በብር ሲታሰብ እንዲህ ነው። በሳምንት 48 ሰዓት በሚሠራበት ቤት ወሩን 208 ሰዓት ብለን 30,000ን ብናካፍል የአንድ ሰዓቱ 144 ብር ገደማ ይመጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፤ 216 ብር ገደማ። ሂሳብ በሚዘጋበት ወር 20 ሰዓት ትርፍ ብትሠራ 4,300 ብር አካባቢ ነው። ያ ሁሉ የታየላት የ2,000 ብር ብልጫ በአንድ ወር ጠፋ ማለት ነው። በተለይ ዓመታዊ ሂሳብ ከሰኔ 30 በኋላ ሲዘጋ፣ የግብር ማሳወቂያው ደግሞ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሲሮጥ፣ አንድ ሰው ብቻውን ያለበት ቤት በ20 ሰዓት አይገላገልም። ሕጉ ራሱ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ይገድባል። «ማናጀር» የሚለው ስም ግን ቆጣሪውን ያጠፋዋል።

እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለበት ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት ለሕግ ባለሙያ ማሳየት ይሻላል። እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ።

ስሙ ምንም አይጠቅምም ብሎ ወደ ሌላው ጫፍ መሄድ

ይሄንን ሁሉ ካየች በኋላ «እንግዲያው ስሙ ምን ያደርግልኛል» ማለት ጀመረች። ይሄም ስህተት ነው። የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ የሚያጣራው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ደብዳቤው ላይ ያለውን መጠሪያ ነው። «በሲኒየር አካውንታንትነት 4 ዓመት» ከተባለ «ኦፊሰር» የሚለው ደብዳቤ ሳይነበብ ሊጣል ይችላል።

መፍትሔው ስሙን መቀየር አይደለም። ሲቪ ላይ ራሳቸውን የሚሾሙ አሉ፤ የድሮ አሠሪያቸው ጋ ሲደወል ይጋለጣሉ። የሚሻለው የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ የሥራው ዓይነት ተዘርዝሮ እንዲጻፍ መጠየቅ ነው። አዋጁም አሠሪው የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። «ኦፊሰር ሆነው አገልግለዋል» ከሚል አንድ መስመር ይልቅ «የሦስት ቢሮዎችን የወጪ ሰነድ በመመርመር፣ ለለጋሽ ሪፖርት በማዘጋጀት፣ በሁለተኛ ቼክ ፈራሚነት» የሚለው ብዙ ይናገራል። ከግል ድርጅት ለሚመጣ ልምድ ደግሞ ብዙ ማስታወቂያዎች የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጽ ማስረጃ ይጠይቃሉ። እሱንም በዚያው ማውጣት ነው።

ኦፊሰሩ ጋ ፈረመች። ከመፈረሟ በፊት የሥራ ዝርዝሩ የውሉ አባሪ እንዲሆን ጠየቀች፤ ያለ ጭቅጭቅ ሰጧት። እናቷ ግን እስካሁን አልተዋጠላትም። «ማናጀርነትን ጥላ ኦፊሰር ሆነች» እያለች እኔን ትወቅሰኛለች። እሑድ ዕለት ለቡና ጎረቤት ሲመጣ ስሰማት ደግሞ «ልጄ ካዛንቺስ ማናጀር ሆናለች» እያለች ነበር።