ስልክ ሲዘገይ ጥፋቱ የማከማቻው ነው? የኢኤምኤምሲና የዩኤፍኤስ ችግርና መፍትሄ

አንድ የአንድሮይድ ስልክ «128 ጊጋ» ተብሎ ሲሸጥ ለገዢው የሚነገረው የማከማቻው መጠን እንጂ ዓይነቱ አይደለም። በቦርዱ ላይ የተበየደው ቺፕ ኢኤምኤምሲ ወይም ዩኤፍኤስ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነታቸውም ከፍጥነት ቁጥር በላይ ነው። ኢኤምኤምሲ መረጃ የሚያስተላልፈው በስምንት መስመሮች ሲሆን፣ እነዚህ መስመሮች በአንድ ቅጽበት ወይ ለማንበብ ወይ ለመጻፍ ብቻ ያገለግላሉ፤ በሥሪት 5.1 የፍጥነቱ ጣሪያ በሰከንድ 400 ሜጋባይት ነው። ዩኤፍኤስ በአንጻሩ የመሄጃውና የመምጫው መስመር የተለያየ ስለሆነ እየጻፈ ማንበብ ይችላል፤ ገና ከጅምሩም ብዙ ትእዛዞችን በወረፋ ተቀብሎ እንዲያስተናግድ ሆኖ ተሠርቷል።

በመጀመሪያ የስልኩን ቺፕ ማወቅ

በሞዴል ስም ብቻ መተማመን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2017 የሁዋዌ ፒ10 ገዢዎች አንድ ዓይነት ስልክ ገዝተው ሳለ የአንዳንዱ ኢኤምኤምሲ 5.1፣ የሌላው ዩኤፍኤስ 2.0 ወይም 2.1 ሆኖ በመገኘቱ ብዙ ቅሬታ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ የዴቨሎፐር ኦፕሽንስን ዩኤስቢ ዲበጊንግ ከፍቶ፣ ስልኩን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ በኮምፒውተሩ ላይ adb በተባለው ፕሮግራም ራሱን ስልኩን መጠየቅ ይሻላል፦

```
adb shell getprop ro.boot.bootdevice
```

በመልሱ ውስጥ `ufs` የሚል ካለ ማከማቻው ዩኤፍኤስ ነው፤ `sdhci`፣ `mmc` ወይም `msdc` የሚል ከሆነ ኢኤምኤምሲ ነው። አንዳንዶች `mmcblk` የሚል ስም ስላዩ ብቻ «ኢኤምኤምሲ ነው» ብለው ይደመድማሉ፤ ነገር ግን ሚሞሪ ካርድም በዚሁ ስም ስለሚታይ ካርድ የገባበት የዩኤፍኤስ ስልክ በቀላሉ ሊያሳስት ይችላል።

ምልክት፦ መተግበሪያ ለመክፈት ረጅም ጊዜ ይወስዳል

መተግበሪያ ሲከፈት ስልኩ በየቦታው የተበተኑ ብዙ ትንንሽ ቁርጥራጮችን ያነባል እንጂ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ አያነብም። በማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት የተከታታይ ንባብ ስለሆነ ስለዚህ ሁኔታ የሚነግረን ትንሽ ነው። ዩኤፍኤስ የሚበልጠው ትንንሾቹን ጥያቄዎች በአንድነት ተቀብሎ በማስተናገዱ ነው።

ይሁንና መዘግየቱ ከፕሮሰሰሩ ወይም ከራም ማነስም ሊመጣ ስለሚችል አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። ስልኩን አጥፍቶ ማስነሣት፣ የማስነሻ ሥራው እስኪያልቅ አምስት ደቂቃ ያህል መታገሥ፣ ከዚያም አንድ ከባድ መተግበሪያ ከፍቶ በሌላ ስልክ ሰዓት መያዝ። ቀጥሎ ከሴቲንግ ውስጥ ያንኑ መተግበሪያ በ«ፎርስ ስቶፕ» አቁሞ ዳግመኛ ከፍቶ መለካት። በሁለተኛው ጊዜ መተግበሪያው እንደ አዲስ ቢጀምርም፣ ፋይሎቹ ቀድመው ስለተነበቡ አብዛኛዎቹ በራም ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ ማከማቻው እምብዛም አይነካም። ለምሳሌ የመጀመሪያው ስድስት ሰከንድ፣ ሁለተኛው ሁለት ሰከንድ ከወሰደ፣ የአራት ሰከንዱ ልዩነት በአብዛኛው የማከማቻው ድርሻ ነው። ሁለቱም ስድስት ሰከንድ አካባቢ ከሆኑ ግን ቺፑን መውቀስ ትክክል አይደለም፤ ፕሮሰሰሩን ወይም መተግበሪያውን ራሱን መመርመር ይገባል። መተግበሪያው በጥሩ ፍጥነት ተከፍቶ፣ ወደ ሌላ ሄደው ሲመለሱ ግን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የሚጀምር ከሆነ ደግሞ የጎደለው ራም ነው።

መንስኤው ኢኤምኤምሲ መሆኑ ከተረጋገጠ ቺፑን በዩኤፍኤስ መቀየር አይታሰብም፤ ፕሮሰሰሩና ቦርዱ የተሠሩት ለዚያው ዓይነት ነውና። የሚረዳው በመጀመሪያ ልማድን መለወጥ ነው። ብዙ ሰው «ስልኩ እንዲፈጥን» ብሎ የተከፈቱትን መተግበሪያዎች በየጊዜው ጠርጎ ይዘጋል፤ በኢኤምኤምሲ ስልክ ላይ ይህ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱን መተግበሪያ ከዝግተኛው ማከማቻ እንደገና ማስነሣት ማለት ነው። ሁለተኛው ከማከማቻው 15 በመቶ ያህሉን ባዶ መተው ነው። ሊሞላ የቀረበ ቺፕ አዲስ ለመጻፍ በመጀመሪያ አሮጌውን ማዛወርና ማጥፋት ስለሚኖርበት ይዘገያል፤ ይህ ዩኤፍኤስንም ይነካል። ፋይል ከጠፋ በኋላ ቦታው መለቀቁን ለቺፑ የሚያሳውቀውን ሥራ አንድሮይድ የሚያከናውነው ስልኩ ቻርጅ ላይ ሆኖ ሳይነካ ሲቆይ ነው። ሌሊቱን መጠበቅ የማይፈልግ ሰው በዚህ ትእዛዝ ሊያስጀምረው ይችላል፦

```
adb shell sm fstrim
```

ምልክት፦ ሌላ ሥራ ሲጀመር ስልኩ ይቆማል

ፕሌይ ስቶር መተግበሪያዎችን ሲያድስ፣ ወይም ቴሌግራም ቪዲዮዎችን በራሱ ሲያወርድ የስልኩ ስክሪን ሲንቀረፈፍ፣ ኪቦርዱም ዘግይቶ ሲመጣ የምናየው የመስመሩን ባሕርይ ነው፤ ኢኤምኤምሲ በመጻፍ ላይ እያለ የንባብ ጥያቄ ሁሉ ተራ ይጠብቃል። በዩኤፍኤስ ላይም መጠነኛ መዘግየት ይኖራል፤ እንዲህ ያለ መቆም ግን እምብዛም አይታይም። መፍትሄው የመጻፍ ሥራውን ስልኩ ከማያስፈልግበት ሰዓት ጋር ማገናኘት ነው፤ የፕሌይ ስቶርን ራስ-ሰር ማደሻ ዘግቶ ማታ በእጅ ማደስ፣ የቴሌግራምንም ራስ-ሰር ማውረጃ ለቪዲዮና ለፋይል መዝጋት።

ምልክት፦ ትልቅ ፋይል ኮፒ ማድረግ አያልቅም

እዚህ ላይ ቺፑ ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበት ጊዜ ይበዛል። አራት ጊጋባይት የሚሆን የሠርግ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ኮምፒውተር እንላክ እንበል። ብዙ ስልኮች፣ ጫፋቸው ታይፕ-ሲ የሆነውም ጭምር፣ የሚሠሩት በዩኤስቢ 2.0 ነው፤ ይህ ደግሞ በተግባር በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ያሳልፋል። ስለዚህ ቪዲዮው ሁለት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ኢኤምኤምሲም ሆነ ዩኤፍኤስ ከዚህ በላይ ስለሚያነቡ በሁለቱም ስልኮች ሰዓቱ አይለያይም። ስልኩ ፈጣን ዩኤስቢ ኖሮት እያለ ከዚህ የማያልፍ ከሆነ፣ ከቻርጀሩ ጋር የመጣው ገመድ የዩኤስቢ 2.0 ገመድ ሊሆን ስለሚችል ገመዱን መቀየር ነው። ወደ ርካሽ ፍላሽ ሲገለበጥ ደግሞ የሚወስነው የፍላሹ የመጻፍ ፍጥነት ነው፤ በሰከንድ አሥር ሜጋባይት የሚጽፍ ፍላሽ ለዚሁ ቪዲዮ ሰባት ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል።

የቺፑ ልዩነት በትክክል የሚታየው ፋይሉ እዚያው ስልኩ ውስጥ ከአንድ ፎልደር ወደ ሌላ ኮፒ ሲደረግ ነው። በሰከንድ 250 ሜጋባይት የሚያነብና 100 የሚጽፍ ኢኤምኤምሲ ሁለቱን በየተራ ስለሚሠራ ለማንበቡ 16፣ ለመጻፉ 40 ሰከንድ፣ በድምሩ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በሰከንድ 700 ሜጋባይት የሚጽፍ ዩኤፍኤስ 3.1 ግን እያነበበ ስለሚጽፍ ከስድስት እስከ አሥር ሰከንድ ውስጥ ይጨርሰዋል። ቦታ ለመቀየር ብቻ ከሆነ ደግሞ «ኮፒ» ሳይሆን «ሙቭ» መምረጥ በቂ ነው፤ በዚያው ማከማቻ ውስጥ የሚለወጠው አድራሻው ብቻ ስለሆነ በኢኤምኤምሲም ቢሆን በቅጽበት ያልቃል።

ኮፒው በፍጥነት ጀምሮ መሃል ላይ ከወረደ የተበላሸ ነገር አለ ማለት አይደለም። በተለይ አዳዲሶቹ የዩኤፍኤስ ቺፖች አዲስ የመጣውን መረጃ በጊዜያዊነት በፈጣን ክፍል ተቀብለው ኋላ ላይ ወደ ዋናው ያዛውሩታል፤ ያ ክፍል ሲሞላ እውነተኛው የመጻፍ ፍጥነት ይገለጣል። የማከማቻው ባዶ ቦታ ሲያንስ ፈጣኑ ክፍልም ሊጠብ ስለሚችል፣ ከትልቅ ኮፒ በፊት ቦታ ማስለቀቅ፣ ፋይሎቹንም በሁለት ወይም በሦስት ከፍሎ በመካከሉ ስልኩን ጥቂት ደቂቃ ማሳረፍ ይረዳል።