ፔንዲንግ ላይ የቀሩ ጥያቄዎች፦ መቼ ላስታውስ? መቼ ለአለቃ ልንገር?

ምልክቱ አንድ ነው። ለፊርማ በሲስተም ወደ አጽዳቂ የተላከ ጥያቄ ፔንዲንግ እንዳለ ቀናት ያልፋሉ። ጠያቂው «አጽዳቂዋ ያዘችብኝ» ይላል። አጽዳቂዋ «እኔ ጋ ምንም የቀረ የለም» ትላለች። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አይዋሹም።

በእርግጥ ቆይቷል?

ቀኑን የምትቆጥሩት ጥያቄው ከተፈጠረበት ሳይሆን አሁን ያለበት ደረጃ ላይ ከደረሰበት ሰዓት ነው። ሁለተኛው ፊርማ አምስት ቀን ቢፈጅ፣ ትናንት የደረሰው ሦስተኛው አጽዳቂ ምን አጠፋ? ደግሞ የሥራ ቀን ብቻ ቁጠሩ። አርብ ማታ የገባ ጥያቄ ሰኞ ጠዋት ገና ትኩስ ነው።

«ቆየ» የሚባለው ስንት ቀን ሲሆነው ነው? ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም። በዚያ ደረጃ ያለፉትን የሦስት ወር ጥያቄዎች አውጡና ከአሥሩ ዘጠኙ በስንት የሥራ ቀን እንዳለቁ እዩ። በሁለት ቀን ካለቁ በሦስተኛው ቀን መጠየቅ ተገቢ ነው። በሰባት ቀን የሚያልቁ ከሆነ ግን በሦስተኛው ቀን ሰው መነዝነዝ ነው።

ለመጀመሪያ ማጣሪያ እንዲህ ያለች ነገር ትበቃለች። የዓምዶቹን ስም በራሳችሁ ሲስተም ተኩ። ቅዳሜና እሁድን ስለማትለይ የመጨረሻውን ቆጠራ በዓይናችሁ አስተካክሉ።

```sql
SELECT id, approver, assigned_at, last_comment_by
FROM approvals
WHERE status = 'PENDING'
  AND assigned_at < NOW() - INTERVAL '2 days'
ORDER BY assigned_at;
```

`updated_at` የሚለውን ዓምድ አትመኑ! ሰው ኮሜንት ሲጽፍ ይታደሳል፣ ፋይል ሲያያይዝ ይታደሳል፣ አንዳንዴ ሲስተሙ ራሱ ማስታወሻ ሲልክም ይታደሳል። ወር የሞላው ጥያቄ ዛሬ የተነካ መስሎ ከዓይን ይሰወራል። ስንቱን ሪፖርት በዚህ ምክንያት እንደገና እንደሠራሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ምክንያት

የቆመ ጥያቄ ሳገኝ መጀመሪያ የማየው የመጨረሻውን ኮሜንት ማን እንደጻፈው ነው። አንድ ጊዜ 11 የሥራ ቀን የቆመ የግዢ ጥያቄ መጣልኝ። ሲስተሙ አራት ማስታወሻ ልኳል። ጠያቂው «ለአለቃዋ ንገርልኝ» ብሎ ወጥሮ ያዘኝ። ከፈትኩት። አጽዳቂዋ ገና በሁለተኛው ቀን «ይህ ከየትኛው በጀት ነው የሚከፈለው?» ብላ ጽፋለች። መልስ የለም። ለካ ያ ሲስተም የኮሜንት ኖቲፊኬሽን የሚልከው ጥያቄው ለተመራለት ሰው ብቻ ነው። ማለትም ለራሷ! እሷ መልስ ትጠብቃለች፣ እሱ ፊርማ ይጠብቃል። አራቱም ማስታወሻዎች የሄዱት ለማይመለከታት ለእሷ ነው።

ለአለቃዋ ከመንገሬ በፊት የከፈትኩት ያለምክንያት አይደለም። ከዚያ በፊት በተመሳሳይ ጉዳይ ሳላይ ለአለቃ ነግሬ አፍሬያለሁ።

መፍትሄው፦ የመጨረሻው ኮሜንት የአጽዳቂው ጥያቄ ከሆነ ማስታወሻ የሚላከው ለጠያቂው ነው። በበጀቱ ጉዳይም ጠያቂው ስልክ ተደውሎለት መልሱን ሲጽፍ ፊርማው በዚያው ቀን ወጣ። ለዘለቄታው «መረጃ ይጠበቃል» የሚል ሁኔታ ሲስተሙ ላይ ጨምሩ። ጥያቄው እዚያ ሲገባ የአጽዳቂው ሰዓት ይቁም፣ የጠያቂው ይጀምር። አጽዳቂዎችም ኮሜንት ጽፈው ዝም እንዳይሉ፣ ጥያቄውን ወደ ጠያቂው እንዲመልሱት ንገሯቸው። አንዴ አይበቃም፣ ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

የቀሩት ምክንያቶች አጭር ናቸው። አጽዳቂው ፈቃድ ላይ ከሆነና ተወካይ ካልተመደበ፣ ወይም ከሥራ ለቅቆ አካውንቱ ከተዘጋ፣ ማስታወሻ መላክ ከግድግዳ ጋር ማውራት ነው፤ ያኔውኑ ለሌላ ሰው አዙሩት። ለቡድን የተመራ ከሆነ ሁሉም «ሌላው ያየዋል» ብሎ ትቶታል፤ ለአንድ ሰው በስሙ ምሩት። ጠያቂው የማይፈልገውም ይኖራል፤ ጠይቃችሁ ዝጉት።

ማስታወስ ወይስ ለአለቃ መንገር?

ማስታወሻ የሚሠራው ሰውየው መፈረም እየቻለ ከረሳው ብቻ ነው። አንድ ላኩ፣ በሰው እጅ የተጻፈ ይሁን፤ ምን እንደሚጸድቅ፣ እስከ መቼ እንደሚፈለግና ከዘገየ ምን እንደሚቆም ይናገር። በየቀኑ በራሱ የሚሄድ ኢሜይል በሳምንቱ ማንም የማያየው ፎልደር ውስጥ ነው የሚገባው።

ለአለቃ የሚነገርበትን ቀን ደግሞ ከመጨረሻው ቀን ወደኋላ ቁጠሩት። ትእዛዙ ሐሙስ መውጣት አለበት እንበል። ግዢ ክፍል ከፊርማው በኋላ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት መፈረም አለበት። አለቃው አይቶ ለመወሰን አንድ ቀን ይፈጅበታል። ማክሰኞ ጠዋት ለአለቃው ትነግራላችሁ ማለት ነው፤ ማስታወሻው ሰኞ ይሄዳል። ረቡዕ ማታ ለአለቃ መንገር ለወቀሳ ካልሆነ ለፊርማው አይጠቅምም።

ስትነግሩ አጽዳቂውንም ቅጂ ውስጥ አስገቡት። ከጀርባ የተነገረ ነገር በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ያስከፍላችኋል። ሲስተሙ በራሱ ወደ በላይ የሚያደርስ ከሆነም የሚያደርሰው ለማን እንደሆነ ፈትሹ። የአጽዳቂው አለቃ ራሱ ጠያቂው የሆነበትን አይቻለሁ፤ የገዛ ጥያቄውን አጽድቆ ኦዲት ላይ ነው የተያዘው። «ቀኑ ካለፈ በራሱ ይጽደቅ» የሚል ቅንብር ካገኛችሁም አጥፉት።