ግማሽ ነጥብ ሁሉ እኩል አይደለም

በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ ጨዋታ በነጥብ ልዩነት የምትወራረዱ፣ መጀመሪያ 3 እና 7ን እዩ። ፊልድ ጎል 3፣ ታችዳውን ከተጨማሪዋ ምት ጋር 7 ነጥብ ስለሚያስገኝ ብዙ ጨዋታ በእነዚህ ልዩነቶች ያልቃል፤ በ3 ብቻ ከመቶ 15 ያህሉ። በ2023ቱ ሱፐር ቦውል ካንሳስ ሲቲ ፊላደልፊያን 38 ለ 35 አሸነፈ። እንዲህ ባለ ውጤት አሸናፊውን በ-2.5 የያዘ፣ ማለትም ከ2.5 በላይ በሆነ ልዩነት ያሸንፋል ያለ፣ ይበላል፣ በ-3 የያዘ ገንዘቡ ይመለስለታል፣ በ-3.5 የያዘ ግን አሸናፊውን በትክክል ገምቶም አይበላም፤ ብሩ ይሄዳል።

ስለዚህ -3.5 ካያችሁ ሌላ አወራራጅ ጋር -3 ፈልጉ። ከ-5 ወደ -4.5 ለመውረድ ግን ተጨማሪ አትክፈሉ፤ በ5 ልዩነት የሚያልቅ ጨዋታ ጥቂት ነው።