ኢንተርቪው ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች፣ ከቀጣሪው ወንበር ሲታዩ

ይሄን በስክሪፕት መልክ የጻፍኩት እኛ ጠያቂዎቹ ፊት ምን እንዳለ እንድታዩት ብዬ ነው። ፊታችን አንድ ወረቀት አለ። ለሁሉም እጩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ተጽፈውበታል፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሞላበት ቦታ አለ፣ ከስር ደግሞ ነጥቡን ለምን እንደሰጠን የምንጽፍበት ሁለት ሦስት መስመር። እጩዋ ከወጣች በኋላ ሦስታችን ቁጭ ብለን የምንከራከረው በዛ ማስታወሻ ነው እንጂ ስለ ፈገግታዋ አይደለም፣ እኔ 4 ሰጥቼ ባልደረባዬ "ምን ብላ ነው?" ሲለኝ የማነብለት ነገር ከሌለኝ ነጥቡ ይወርዳል። ስለዚ ከታች ያሉትን ስህተቶች ስታነቡ "ወረቀቱ ላይ ምን ተጻፈ?" እያላችሁ አንብቡ።

ልጅቷን ለማስረዳት ብዬ የፈጠርኳት ናት፣ የሦስት ዓመት ልምድ ያላት አካውንታንት።

ትዕይንት 1፦ ሲቪን በቃል መድገም

እኔ፦ እንኳን ደህና መጣሽ። እስቲ ስለራስሽ ንገሪን።
እጩ፦ እሺ አመሰግናለሁ። የተማርኩት አካውንቲንግ ነው፣ ከዛ ኢንተርንሺፕ ወጣሁ፣ ከዛ ተመረቅኩ፣ ከዛ ደግሞ...

ሲቪዋ እጄ ላይ ነው፣ ሁለቴ አንብቤዋለሁ። አራት ደቂቃ ስታወራ እኔ ወረቀቴ ላይ አንድም አዲስ ነገር አልጻፍኩም። ይሄ ጥያቄ የሕይወት ታሪክ ፍለጋ አይደለም፣ "ከዚህ ሥራ ጋር የሚያገናኝሽ ምንድነው" ለማለት ነው። ከአሁኑ ብትጀምር ይሻላል፣ አሁን የምሠራው ይሄን ነው፣ በጣም የለመድኩት ወር መዝጋትና ባንክ ሪኮንሲሌሽን ነው፣ ማስታወቂያችሁ ላይ ያንን ስላየሁ ነው ያመለከትኩት። አንድ ደቂቃ ተኩል ይበቃል፣ ቀሪውን የምንፈልገውን መዘን እንጠይቃለን።

ትዕይንት 2፦ "እኛ... አደረግን"

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጎበዝ ሠራተኞች ሳይቀሩ ነጥብ የሚጥሉት እዚህ ነው።

እኔ፦ ሥራ ላይ ከበድ ያለ ችግር ገጥሞሽ የፈታሽበትን ጊዜ ንገሪን።
እጩ፦ አንድ ወር ላይ ሂሳቡ ከባንኩ ጋር አልገጥም አለን። በጣም ተጨነቅን፣ ግን እንደ ቲም ተባብረን ሠራንና በመጨረሻ አስተካከልነው።

ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት "ቲሙ ችግር ፈታ" ነው። ቲሙን ግን አልቀጥረውም፣ የምቀጥረው አንድ ሰው ነው። ልጅቷ እንደዚህ ያለችው ስለዋሸች አይደለም፣ "እኔ እኔ" ማለት ትዕቢት እየመሰላት ነው፣ ብዙዎቻችን እንደዛ ነው ያደግነው። ይሄን ስለማውቅ አንዴ እገፋታለሁ፣ "አንቺ ራስሽ ምን አደረግሽ?" እላለሁ። ሁሉም ጠያቂ ግን አይገፋም፣ ዝም ብሎ 2 ሰጥቶ የሚያልፍ ብዙ ነው።

ያው ታሪክ እንዲህ ሲነገር እዩት፦

እጩ፦ ወሩን ልንዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረን መዝገባችን ከባንክ ስቴትመንቱ በ2,700 ተለየ። ባልደረባዬ ያልተመነዘሩትን ቼኮች ሲያጣራ የመዝገቡ ጎን ለኔ ደረሰኝ። መጀመሪያ ልዩነቱን ለ9 አካፈልኩት፣ 300 ሆነ፣ ምንም አልተረፈም። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አሃዞች ቦታ ከተለዋወጡ ልዩነቱ ሁሌ ለ9 ይካፈላልና የመመዝገብ ስህተት ሊሆን ይችላል ብዬ ጠረጠርኩ። ለ9 መካፈሉ ብቻውን ማረጋገጫ ስላልሆነ የዛን ወር ክፍያዎች ከደረሰኛቸው ጋር አንድ በአንድ አየሁ፣ 6,300 መሆን የነበረበት 3,600 ተብሎ ገብቷል። ማስተካከያውን አዘጋጅቼ ለኃላፊዬ አስፈረምኩ። ከዛ በኋላ ክፍያዎችን በየሳምንቱ ማስታረቅ ጀመርኩ፣ ወር መጨረሻ ላይ እንዳይከመር።

አሁን እጄ ዝም ብሎ ይጽፋል። ችግሩ ምን ነበር፣ የሷ ድርሻ የቱ ነው፣ በምን ቅደም ተከተል አሰበች፣ ምን ውጤት መጣ፣ ከዛስ ምን ቀየረች። ባልደረባዋንም አልሰረዘችውም፣ የሱን ድርሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ ወደ ራሷ ሥራ ተመለሰች። ደግሞ እንዲህ ያለ ታሪክ በእውነት ያልሠራው ሰው ይዞት ቢመጣ ቶሎ ይታወቃል፣ "ያ ክፍያ እንዴት ነው በስህተት የገባው?" ብዬ አንድ ጥያቄ ስጨምር የሠራው ሰው ዝርዝር ይጨምራል፣ ያልሠራው ደግሞ ያንኑ በሌላ ቃል ይደግመዋል።

ስለዚ ከመምጣታችሁ በፊት እንደዚህ ዓይነት ሦስት ታሪክ አዘጋጁ፣ አንዱ ያልተሳካላችሁ ይሁን። በቃል አትሸምድዱት፣ ቁጥሮቹንና ቅደም ተከተሉን ብቻ አስታውሱ።

ትዕይንት 3፦ የማያውቁትን እንደሚያውቁ መናገር

እኔ፦ ሲቪሽ ላይ አድቫንስድ ኤክሴል ይላል። VLOOKUP ትጠቀሚያለሽ?
እጩ፦ አዎ በደንብ፣ ሁሌ ነው የምጠቀመው።
እኔ፦ መጨረሻው ላይ FALSE የምንጽፈው ለምንድነው?
እጩ፦ እሱ... ፎርሙላው እንዳይበላሽ ነው።

```
=VLOOKUP(A2,D:E,2,FALSE)
```

VLOOKUP አንድን ነገር ከዝርዝር ውስጥ ፈልጎ ከጎኑ ያለውን የሚያመጣ የኤክሴል ፎርሙላ ነው። FALSE የሚለው "በትክክል የሚገጥመውን ብቻ አምጣ" ማለት ነው። ካልተጻፈ ኤክሴል የሚቀርበውን ይወስዳል፣ ዝርዝሩ በቅደም ተከተል ካልተደረደረ ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ሊያመጣ ይችላል። ይሄን አለማወቋ በራሱ አይጥላትም፣ በአንድ ከሰዓት የሚለመድ ነገር ነው። የጎዳት "በደንብ" ማለቷ ነው፣ ምክንያቱም ከዛ በኋላ ሲቪዋ ላይ ያሉትን ሌሎች ነገሮችም መጠራጠር ጀመርኩ። "ሌላ ሰው በሠራው ፋይል ላይ ተጠቅሜበታለሁ፣ ራሴ ከባዶ አልጻፍኩትም፣ SUMIF እና ፒቮት ቴብል ግን በየቀኑ እሠራበታለሁ" ብትል 3 እሰጣት ነበር፣ ስለ ሐቀኝነቷ ደግሞ ጥሩ ቃል ከጎኑ እጽፍላት ነበር።

ትዕይንት 4፦ የድሮ አለቃን ማማት

እኔ፦ ያለሽበትን ቦታ ለምን መልቀቅ ፈለግሽ?
እጩ፦ አለቃዬ ሰው አያከብርም፣ ሁሉንም ነገር እኔ ላይ ነው የሚጥለው።

እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን የሱን ወገን ስላልሰማሁ ልፈርድላት አልችልም፣ ወረቀቱ ላይ የሚቀረው ቅሬታው ብቻ ነው። "ሦስት ዓመት አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሠራሁት፣ አሁን የበጀት ሥራ መልመድ እፈልጋለሁ፣ እዛ ደግሞ ያ ክፍት ቦታ የለም" ቢባል በቂ ነው፣ እውነት እስከሆነ ድረስ።

ትዕይንት 5፦ "ጥያቄ የለኝም"

እኔ፦ አንቺስ የምትጠይቂን አለ?
እጩ፦ የለኝም፣ ሁሉንም ነግራችሁኛል።

ስለ ሥራው ገና ብዙ ያልነገርናት አለ። እዚህ ጋ የሚጠየቀው እኛን ለማስደነቅ ሳይሆን ሥራው ለሷ ይሆናት እንደሆነ እንድታውቅበት ነው። ለምሳሌ፦

እጩ፦ ወሩን በስንት ቀን ነው የምትዘጉት? ብዙ ጊዜ የሚያዘገያችሁስ ምንድነው?
እኔ፦ በስምንት ቀን። የሚያዘገየን ከቅርንጫፎች ደረሰኝ ቶሎ አለመምጣቱ ነው።
እጩ፦ እሱን የሚከታተል ሰው አለ ወይስ የዚህ ቦታ ሥራ ይሆናል?

ይሄኛውን ጥያቄ ስሰማ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ሥራውን እንዳለ አስረዳታለሁ። ደሞዝም እኛ ካላነሳነው እዚሁ ጋ መጠየቅ ነውር የለውም፣ ብቻ የመጀመሪያው ጥያቄ ባይሆን ጥሩ ነው።